ደንበኛ ቆርጦ ያስቀረው ግብር የማን ገንዘብ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮና የትምህርት ቤት ዕቃ የሚያመርት አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ጠረጴዛና ወንበር ሸጠ። የዕቃው ዋጋ 400,000 ብር ነው። 15 ከመቶ ቫት ሲጨመርበት 60,000 ብር ይመጣል፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ድምር እንግዲህ 460,000 ብር ሆነ። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ተረክቦ፣ ቆጥሮና ፈርሞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍያውን በባንክ አስተላለፈ። ሻጩ የባንክ ሒሳቡን ሲያይ ግን የገባው 452,000 ብር ብቻ ነው። 8,000 ብር ጎድሏል።

ደውሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፦ «ዊዝሆልዲንግ ቆርጠናል።»

ብዙ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ገንዘቡ እንደቀረበት ቆጥሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጉዳቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ 8,000 ብር የሻጩ ገንዘብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አልወሰደውም፣ ቅናሽም አይደለም፣ ወጪም አይደለም። ሻጩ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው የትርፍ ግብር ላይ አስቀድሞ በስሙ የተከፈለ ሒሳብ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የእርሱ ሆኖ የሚቀጥለው በሁለት ነገር ነው፦ በትክክል ከተመዘገበና በደረሰኝ ከተያዘ።

ነገሩ የተመሠረተው በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ላይ ነው። አዋጁ ሕጋዊ ሰውነት ያላቸው ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዙ ከሚከፍሉት ላይ ግብር ቀንሰው እንዲያስቀሩ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. ይሠራበት የነበረው ምጣኔ 2 ከመቶ ነው። የሚቀነሰውም ዕቃ ሲሆን ግዢው ከ10,000 ብር በላይ፣ አገልግሎት ሲሆን ከ3,000 ብር በላይ ከሆነ ነበር። ለቤቱ ወንበር የሚገዛ ግለሰብ ምንም አይቀንስም፤ ያንኑ ወንበር የሚገዛ ባንክ፣ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት ግን ይቀንሳል። የኛ ሻጭም ራሱ ድርጅት ስለሆነ እንጨትና ብረት ሲገዛ በተራው ቀናሽ ይሆናል፤ አንድ ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ ከፊት ይቀነስበታል፣ ከኋላ እርሱ ይቀንሳል። ሁለቱ መዝገብ መቀላቀል የለበትም፤ አንዱ ከመንግሥት የሚታሰብለት፣ ሌላው ለመንግሥት የሚያስረክበው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ምጣኔውን ከ2 ወደ 3 ከመቶ ከፍ አድርጎታል፤ መቀነስ የሚጀመርባቸውን የገንዘብ መጠኖችም አሳድጓል። ከዚያ በኋላ የተፈጸሙ ክፍያዎች በአዲሱ መጠን ይሰላሉ። የአመዘጋገቡ መንገድ ግን ያው ስለሆነ ምሳሌያችንን በ2016ቱ እንቀጥል።

መጀመሪያ የሚታየው ገዢው በትክክል መቁረጡ ነው። ሁለቱ ከመቶ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። 400,000 ብር በ2 ከመቶ ሲባዛ 8,000 ብር ይመጣል። አንዳንድ ገንዘብ ያዥ ግን በደረሰኙ ግርጌ ያለውን ትልቁን ቁጥር ይዞ ያሰላል። ከ460,000 ብር ላይ 2 ከመቶ ሲነሳ 9,200 ብር ነው፤ ከሚገባው በላይ 1,200 ብር ተቆረጠ ማለት ነው። ይህን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። የጎደለውን ገንዘብ ከቫት በፊት ላለው ዋጋ አካፍሉ። ውጤቱ ልክ 0.02 ከሆነ ስሌቱ ደህና ነው። 0.023 ከመጣ ቫቱም አብሮ ተቀንሶበታል። ሌላ የማይታወቅ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ገዢው ከዊዝሆልዲንግ ሌላ የቀነሰው ነገር አለ ማለት ነው፤ የመዘግየት ቅጣት፣ የጎደለ ዕቃ ወይም የባንክ አገልግሎት ክፍያ ሊሆን ይችላል። ቫት ቀንሰው እንዲያስቀሩ የተወከሉ ገዢዎችም አሉ። እነዚህ ለቫቱ የተለየ ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ የሚታሰበውም ከወርኃዊው የቫት ሒሳብ ጋር እንጂ ከዓመቱ የትርፍ ግብር ጋር አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቋት ከተመዘገቡ በዓመቱ መጨረሻ ማን የማን እንደሆነ ለመለየት በጣም ያስቸግራል።

ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ የሚቀነሰው 2 ከመቶ ሳይሆን 30 ከመቶ ነው። በዚህ ሽያጭ ላይ 120,000 ብር ይሆን ነበር። ገዢዎች በየዓመቱ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የቲን ምስክር ወረቀት ኮፒ የሚጠይቁት ነጋዴውን ለማጉላላት ሳይሆን ከዚህ የተነሳ ነው፤ በአግባቡ ያልቀነሰ ገዢ ለጎደለው ራሱ ተጠያቂ ይሆናል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ሻጩ ደረሰኝ በቆረጠበት ቀን 460,000 ብር በተሰብሳቢ ሒሳብ ዴቢት ይሆናል። 400,000 ብር በሽያጭ፣ 60,000 ብር ደግሞ በሚከፈል ቫት ክሬዲት ይደረጋል። ዊዝሆልዲንግ እዚህ ቦታ ላይ ገና የለም፤ የሚቀነሰው ክፍያ ሲፈጸም ስለሆነ ክፍያ በሌለበት የሚመዘገብ ተቀናሽ አይኖርም። ክፍያው ሲመጣ 452,000 ብር በባንክ ዴቢት ይደረጋል፣ 8,000 ብር «ቅድሚያ የተከፈለ ግብር» በሚባል የሀብት ሒሳብ ዴቢት ይደረጋል፣ ተሰብሳቢው በሙሉው 460,000 ብር ክሬዲት ይሆንና ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍሏል፤ አብዛኛውን ለሻጩ፣ ጥቂቱን በሻጩ ስም ለመንግሥት።

ይህ ቀላል የሚመስል ምዝገባ በተግባር በሦስት መንገድ ሲበላሽ ይታያል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው።

አንዱ የገባውን ገንዘብ ብቻ እንደ ሽያጭ መመዝገብ ነው። የባንኩን 452,000 ብር ይዞ ቫቱን ቀንሶ ሽያጩን 392,000 ብር አድርጎ የሚጽፍ አለ። ችግሩ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ሪፖርት ጋር ሲነጻጸር ይወጣል፤ ማሽኑ 400,000 ብር ይላል፣ መዝገቡ 392,000 ብር ይላል። ኦዲት ሲመጣ ይህ የተደበቀ ሽያጭ ይመስላል። በወርኃዊው የቫት ማስታወቂያም የሚገለጸው ሽያጭ ሙሉው 400,000 ብር፣ ቫቱም ሙሉው 60,000 ብር ነው።

ሌላው 8,000 ብሩን እንደ ወጪ መያዝ ነው። «ግብር ከፈልኩ፣ ስለዚህ ወጪዬ ነው» የሚል አስተሳሰብ ይመስላል ያመጣው። እንደ ወጪ ከተያዘ ትርፉን በ8,000 ብር ይቀንሰዋል፤ የድርጅት የትርፍ ግብር 30 ከመቶ ስለሆነ ሻጩ የሚያተርፈው 2,400 ብር ብቻ ነው። በትክክል ቢያዝ ግን ከግብሩ ላይ በቀጥታ 8,000 ብር ይታሰብለት ነበር። ልዩነቱ 5,600 ብር ነው፣ ያውም በአንድ ደረሰኝ። የትርፍ ግብር በወጪነት ተቀባይነት ስለሌለው መርማሪው ሲያገኘው 2,400 ብሩም ይቀራል።

ሦስተኛው ዝም ብሎ መተው ነው፤ እኔ በጣም የማዝንበትም ይህኛው ነው። 452,000 ብሩ ሲገባ ተሰብሳቢው በዚያው ልክ ይቀነስና 8,000 ብር በትምህርት ቤቱ ስም ላይ እንደ ዕዳ ይንጠለጠላል። በዓመቱ መጨረሻ የተሰብሳቢ ሒሳብ ዝርዝር ሲወጣ የደንበኞች ስም በረድፍ ተሰልፎ ከእያንዳንዱ ጎን ጥቃቅን ቁጥር ይታያል። ባለቤቱ ደንበኞቹ እንዳልከፈሉት ያስባል፣ አንዳንዱም ደውሎ ይጣላል። ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ «የማይሰበሰብ» ተብሎ ይሰረዛል። መንግሥት የተቀበለው የግብር ገንዘብ እንዲህ ሆኖ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። የራሳችሁን መዝገብ ለመፈተሽ ዝርዝሩን አውጡና ከደንበኞች ጎን የቀሩት ቁጥሮች ከቫት በፊት ካለው የሽያጭ ዋጋ 2 ወይም 3 ከመቶ መሆናቸውን እዩ። ከሆኑ ተሰብሳቢ ሳይሆኑ ያልተጠየቀ የግብር ሒሳብ ናቸው።

በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠሩ ይህን ስሕተት በቀላሉ ይፈጽሙታል፤ ምክንያቱም ክፍያ መቀበያው መስኮት የባንኩን መጠን ብቻ ሲሰጡት ደረሰኙን በከፊል እንደተከፈለ ቆጥሮ ክፍት ይተወዋል። መፍትሔው በ`Apply to Invoices` በኩል ደረሰኙን በሙሉው 460,000 ብር መዝጋት፣ ከዚያ በ`Apply to Revenues` በኩል የቅድሚያ ግብር ሒሳቡን መርጦ 8,000 ብሩን በኔጌቲቭ ማስገባት ነው። ድምሩ 452,000 ብር ሆኖ ከባንኩ ጋር ይገጥማል። `Discount` በሚለው ቦታ ላይ መጻፍም ደረሰኙን ይዘጋዋል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ካልተቀየረ ገንዘቡ ወደ ሽያጭ ቅናሽ ስለሚሄድ ከላይ ወዳየነው የመጀመሪያ ዓይነት ስሕተት ይመልሰናል።

ክፍያው በአንድ ጊዜ ካልመጣም ሐሳቡ አይለወጥም። ትምህርት ቤቱ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከወር በኋላ ቢከፍል በእያንዳንዱ ክፍያ 4,000 ብር ይቀንሳል፤ ሻጩም ሁለት ደረሰኝ ይቀበላል፣ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። አንዳንድ ገዢ ግን ሙሉውን 8,000 ብር ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ ይቆርጠዋል። ይህ ሲሆን በሁለተኛው ክፍያ ላይ እንደገና እንዳይቆረጥ መከታተል የሻጩ ሥራ ነው።

እስከዚህ የነገርኩት ቁጥሩ የሚጻፍበትን ቦታ ነው። ቁጥሩ ገንዘብ የሚሆነው ግን በደረሰኝ ነው። ቀናሹ ገዢ ተከታታይ ቁጥር ያለው የተቀናሽ ግብር ደረሰኝ ለሻጩ የመስጠት ግዴታ አለበት። የቀነሰውንም ወር ካለቀ በኋላ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል፤ ሲያስገባም የእያንዳንዱን ሻጭ ስም፣ የቲን ቁጥር፣ የክፍያውን መጠንና የተቀነሰውን ግብር ዘርዝሮ ያስታውቃል። ሻጩ በዓመቱ መጨረሻ «ይታሰብልኝ» ብሎ ሲጠይቅ በእጁ ያለው ደረሰኝ ገዢው ካስታወቀው ዝርዝር ጋር ሊመሳከር ይችላል። ቲኑ ላይ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ በማንም ስም የሌለ ወይም በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ይሆናል። ስለዚህ ደረሰኙ እጅ ሲገባ ወዲያው መታየት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፦ የሻጩ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው መጻፉ፣ የቲን ቁጥሩ አኃዝ በአኃዝ መግጠሙ፣ የተጻፈው መነሻ ዋጋ ከቫት በፊት ያለው መሆኑ፣ ቀኑ፣ ማኅተምና ፊርማው። ስሕተት ካለ በዚያው ሳምንት ማስተካከል በጣም ቀላል ነው። ከስምንት ወር በኋላ ግን ደረሰኙን የጻፈው ሠራተኛ ሥራ ለቆ፣ ቀሪው ጥራዝ መጋዘን ገብቶ ይገኛል።

ለዚህ ነው አንዳንድ ጠንቃቃ ሒሳብ ሠራተኞች ሁለት ሒሳብ የሚከፍቱት፤ እኔም ይህን አሠራር ከሁሉ እመርጣለሁ። ክፍያው ጎድሎ ሲገባ 8,000 ብሩን መጀመሪያ «ደረሰኙ ያልመጣ ተቀናሽ ግብር» በሚል ሒሳብ ይይዙታል። ደረሰኙ እጃቸው ሲገባ ወደ «ቅድሚያ የተከፈለ ግብር» ያዛውሩታል። በማንኛውም ቀን የመጀመሪያው ሒሳብ ቀሪ የሚነግራቸው ነገር ግልጽ ነው፦ ይህን ያህል ገንዘብ ተቆርጦብናል፣ ማስረጃው ግን በእጃችን የለም። በወር አንድ ጊዜ ያንን ዝርዝር ይዞ ለየደንበኛው መደወል ነው። ሶፍትዌር የሌለው ነጋዴም በአንድ ደብተር ይህንኑ መሥራት ይችላል። የክፍያውን ቀን፣ የገዢውን ስምና ቲን፣ የሽያጭ ደረሰኙን ቁጥር፣ የተቀነሰውን ብር ይጽፍና ለዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ቁጥር ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶ የቀረ ቦታ ሁሉ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ነው።

ዓመቱ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ምን እንደሚያመጣ እንይ። የኛ ማኅበር የ2016 የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ 6,000,000 ብር ሸጠ፤ ከዚህ ውስጥ 4,500,000 ብሩ ግብር ለሚቀንሱ ድርጅቶች ነበር። 2 ከመቶው 90,000 ብር ይሆናል። የዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 480,000 ብር ሲሆን የ30 ከመቶ ግብሩ 144,000 ብር ነው። እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው የአራት ወር ጊዜ ሲያስታውቅ 144,000 ብሩን ይገልጻል፤ ቀድሞ የተከፈለውን 90,000 ብር ያሳስባል፤ የሚቀርበት 54,000 ብር ነው። በመዝገቡ 144,000 ብር የትርፍ ግብር ወጪ ሆኖ ዴቢት ይደረጋል፣ የቅድሚያ ግብሩ ሒሳብ በ90,000 ብር ክሬዲት ተደርጎ ይዘጋል፣ 54,000 ብር ደግሞ የሚከፈል ግብር ይሆናል።

የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ሳይመጣ ቢቀርስ? በማስረጃ የሚታሰበው 82,000 ብር ብቻ ይሆንና ማኅበሩ 62,000 ብር ይከፍላል። ያንን 8,000 ብር አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ላይ፣ ሁለተኛ ከራሱ ካዝና ከፈለው። ገንዘቡን ቀንሶ ለመንግሥት ያላስገባ ገዢ ሲያጋጥም ደግሞ ሕጉ ተጠያቂ የሚያደርገው ቀናሹን ነው፤ ሻጩ ግን መቆረጡን የሚያሳይበት ደረሰኝ ከሌለው ክርክሩን የሚጀምርበት ነገር የለውም። ቢያንስ የጽሑፍ መጠየቂያ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫና የሽያጭ ደረሰኙ አንድ ላይ ተያይዘው መቀመጥ አለባቸው።

በሁለት ዓመት ድንበር ላይ የሚወድቁ ክፍያዎችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሰኔ ላይ ተሸጦ ሐምሌ ላይ የተከፈለ ዕቃ ሽያጩ በአሮጌው ዓመት ይመዘገባል፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ግን የአዲሱን ዓመት ቀን ይይዛል። እነዚህን ደረሰኞች ለብቻ ዘርዝሮ በየትኛው ዓመት ማስታወቂያ እንደሚታሰቡ ከማስታወቁ በፊት ከቅርንጫፉ ጋር መነጋገር ይሻላል። አንድ ደረሰኝ በሁለቱም ዓመት ከቀረበ የሚያስቀጣ ነው፤ በአንዱም ካልቀረበ ደግሞ የጠፋ ገንዘብ ነው።

የተቀነሰው ከግብሩ በላይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ በተለይ በትንሽ ትርፍ ብዙ በሚሸጡ አከፋፋዮች ላይ። ያው ማኅበር ትርፉ 180,000 ብር ብቻ ቢሆን ግብሩ 54,000 ብር ነው። አስቀድሞ የተቆረጠበት 90,000 ብር ስለሆነ 36,000 ብር ትርፍ ከፍሏል። ሽያጩ በሙሉ በ2 ከመቶ የሚቀነስበት ድርጅት ከ100 ብር ሽያጭ 6 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ካላተረፈ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ይገኛል። የተሻሻለው አዋጅ ምጣኔውን ከማሳደጉም ሌላ በዓመታዊ ሽያጭ ላይ የተመሠረተ ዝቅተኛ ግብር ስላመጣ ይህ ስሌት ለአሁኑ ዓመት እንደገና መሠራት አለበት። በብልጫ የተከፈለው ገንዘብ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ካለበት ሌላ የግብር ዕዳ ጋር እንዲቻቻልለት ወይም እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ተመላሽ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ምርመራ ይከተለዋል፤ መርማሪውም የሚያየው እያንዳንዷን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ነው። ደረሰኞቹ በወርና በቁጥር ተደርድረው፣ ድምራቸው ከመዝገቡ ቀሪ ጋር ገጥሞ የቀረበ ጥያቄና በፌስታል ተጠቅልሎ የቀረበ ጥያቄ እኩል አይስተናገዱም።

ገዢ ድርጅቶችንም የምጠይቀው ነገር አለ። ብዙ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በሰዓቱ ይቆርጣል፤ ደረሰኙን ግን ሻጩ በእግሩ እስኪመጣ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድ የገጠር አቅራቢ ለ400 ብር ደረሰኝ አዲስ አበባ ድረስ አይመጣም፤ ስለዚህ ይቀርበታል። ክፍያው የተላለፈ ቀን ደረሰኙም አብሮ ይውጣ፤ በፖስታ፣ በሾፌር ወይም ለጊዜው በስልክ ፎቶ ይላክና ዋናው ይከተል። ሻጮችም የሚቀጥለው ክፍያ ጎድሎ ሲገባላችሁ ስልክ ስትደውሉ «ለምን ቀነሳችሁ?» አትበሉ፤ «ደረሰኙን መቼ ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ።